ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠገበ መብራት ማታ በጊዜ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ግቢያችን ውስጥ በብረት ምሰሶ ላይ የተሰቀለ፣ ፓኔሉም ባትሪውም አምፖሉም አንድ ላይ የሆነ የሶላር የመንገድ መብራት አለን። ከገዛሁት ሁለት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ እስከ ንጋት ያበራ ነበር። አሁን ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በርቶ 2 ሰዓት ገደማ ላይ ይጠፋል። ወሩ ጥር ነው፤ ደመና የለም። መሙላቱን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ትበራለች፤ ስለዚህ በደንብ እየሞላ ነው። ፓኔሉ 35 በ35 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ካርቶኑ ላይ ግን 200 ዋት ይላል። የሸጠልኝ ሰው ፓኔሉ ደክሟል፣ ተጨማሪ ፓኔል ግዛ አለኝ። ልግዛ?»

መልስ፦ አይግዙ። የደከመው ባትሪው እንጂ ፓኔሉ አይመስለኝም። መብራቱን ሳላይ ይህን ያህል በድፍረት የምናገረው እርስዎ የጤንነት ምልክት አድርገው በያዟት በዚያች አረንጓዴ መብራት ምክንያት ነው። ባትሪው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ «ሞልቻለሁ» ማለቱ መልካም ዜና አይደለም፤ ዋናው የበሽታ ምልክት እርሱ ነው።

አረንጓዴዋ መብራት በባትሪው ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንደተጠራቀመ አታውቅም። የምታውቀው የባትሪው ቮልት ከተወሰነ ልክ ላይ መድረሱን ብቻ ነው። በእርስዎ ዓይነት መብራት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ባለ 3.2 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ነው፤ መቆጣጠሪያ ቦርዱም ቮልቱ 3.6 አካባቢ ሲደርስ መሙላቱን ያቆማል። ጤነኛ ባትሪ እዚያ ልክ ላይ የሚደርሰው ለብዙ ሰዓት ከተሞላ በኋላ ነው። ያረጀው ግን ጥቂት እንደተቀበለ ቮልቱ ሽቅብ ይወጣል። ግማሹን ጭቃ የያዘ እንስራ ውኃ ሲጨምሩበት ቶሎ እስከ አፉ ይሞላል፤ ከውስጡ ሲቀዱም ቶሎ ያልቃል። ከ4 ሰዓት በኋላ እስከ ማታ የሚወጣው ፀሐይ በሙሉ ለባትሪዎ ምንም አይጠቅመውም፤ ቦርዱ በሩን ዘግቶበታል። ሁለተኛ ፓኔል ቢጨምሩ የሚያገኙት ትርፍ አረንጓዴዋ በ4 ሰዓት ፈንታ በ3 ሰዓት መብራቷ ነው። ማታ ግን መብራቱ ያው በ2 ሰዓት ይጠፋል።

ይህን በቁጥር እናረጋግጠው። የሰጡኝ መረጃ ለዚያ ይበቃል። በመጀመሪያ የካርቶኑን 200 ዋት ይርሱት። ጥሩ የሚባል ፓኔል በሙሉ ፀሐይ ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ይሰጣል። የእርስዎ ፓኔል ስፋቱ ከአንድ ካሬ ሜትር አንድ ስምንተኛ አይሞላም፤ ስለዚህ ቢበዛ 24 ዋት፣ ጠርዙና በሴሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲቀነስ ደግሞ 20 ዋት ገደማ ቢሰጥ ነው። በካርቶን ላይ የሚታተመው የዋት ቁጥር ለሽያጭ የተጻፈ እንጂ የተለካ አይደለም፤ የፓኔልን አቅም ሁልጊዜ በሜትር ለክተው ይገምቱ። እንዲህ ያሉት ፓኔሎች የሚሠሩት በ6 ቮልት ስለሆነ፣ 20 ዋት ማለት እኩለ ቀን ላይ 3 አምፒር አካባቢ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠዋቱ እንሂድ። በጥር ወር በጎጃም ሰማይ ፀሐይ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ፓኔሉ በአማካይ የእኩለ ቀኑን ግማሽ እንኳ አይሰጥም፤ ጨረሩ በጎን ነውና የሚመታው። አንድ አምፒር ከሩብ ያህል ለሦስት ሰዓት ብንል ባትሪው የተቀበለው ከ3 እስከ 4 አምፒር ሰዓት ነው። ማታ ላይ ደግሞ ይህን የሚያህል መብራት በሙሉ ብርሃኑ ወደ 2 አምፒር ይወስዳል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ስለሆነ የወጣው 3 አምፒር ሰዓት ነው። ጠዋት የገባውና ማታ የወጣው ተገናኙ። ሁለቱም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ ባትሪዎ አሁን የሚይዘው 3 አምፒር ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

አዲስ ሳለ ስንት ይይዝ ነበር? እንዲህ ባለው መብራት ውስጥ በብዛት የማገኘው ሁለት ወፋፍራም የባትሪ ሴሎች ጎን ለጎን ተያይዘው ነው፤ እያንዳንዳቸው 6 አምፒር ሰዓት ስለሚይዙ በድምሩ 12 ይሆናሉ። መብራቱ የመጀመሪያዎቹን አራት ሰዓታት በሙሉ ብርሃን፣ ከዚያ በኋላ ሰው ሲያልፍ ብቻ እየደመቀ ሌሊቱን በደብዛዛው እንዲያድር የተሠራ ከሆነ፣ 8 አምፒር ሰዓት ለመጀመሪያው፣ 4 ደግሞ ለቀረው ሌሊት ይበቃል። እስከ ንጋት ያበራ የነበረው በዚህ ስሌት ነው። አሁን የቀረው ሩቡ ነው፤ ሩቡም በሙሉ ብርሃን ሰዓት ላይ ስለሚያልቅ ወደ ደብዛዛው እንኳ ሳይደርስ ይጠፋል። ለዚህ ነው ባለቤቱ «ቀስ በቀስ ቀነሰ» ሳይሆን «በድንገት ተበላሸ» የሚለው። ባትሪው ሲደክም ወራት ፈጅቷል፤ መጀመሪያ የተነካው ግን ሰው ተኝቶ የማያየው የሌሊቱ መጨረሻ ነው።

በሁለት ዓመት እንዲህ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። እንዲህ ያለው ሁሉን በአንድ ያቀፈ መብራት ባትሪውን የሚያስቀምጠው በቀጥታ ከፓኔሉ ጀርባ ነው፤ በበጋ ቀትር ላይ ያ ብረት እጅ አያስነካም። ሊቲየም ባትሪን የሚያስረጀው ደግሞ ዋናው ሙቀት ነው። በላዩ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ደመና አለ፤ በዚያ ወቅት ባትሪው በየሌሊቱ እስከ መጨረሻው እየተጠባ፣ ቀን ላይ ሳይጠግብ ይከርማል። የበጋው ሙቀትና የክረምቱ ረኃብ ተጋግዘው ርካሹን ባትሪ በሁለትና በሦስት ዓመት ይጨርሱታል።

እስካሁን ያልኩት ግምት ነው፤ ጠንካራ ግምት ቢሆንም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ማረጋገጥ ይገባል። ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ፈተና አለ። በሪሞቱ መብራቱን ያጥፉትና ሁለት ሙሉ ቀን ፀሐይ እየሞቀ፣ ሁለቱን ሌሊት ሳይበራ ይደር። በሦስተኛው ምሽት ያብሩትና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይመልከቱ። ያው አንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ ባትሪው መያዣ የለውም፤ የፈለገውን ያህል ፀሐይ ቢያገኝ ያው ነው። አምስትና ስድስት ሰዓት ከቆየ ግን ባትሪው ደህና ነው፤ ችግሩ በቀን የሚገባው አነስተኛ በመሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ፓኔሉን፣ ጥላውንና ሽቦውን እንፈትሻለን። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ከመብራቱ ሥር ያለችው ዋና ማብሪያ ማጥፊያ በብዙዎቹ ላይ ባትሪውን ከነጭራሹ ከቦርዱ ትነጥለዋለች። በእርሷ ካጠፉት ሁለቱን ቀን ምንም ስለማይሞላ ፈተናው የተሳሳተ መልስ ይሰጥዎታል። ሪሞት ከሌለዎት በማብሪያዋ አጥፍተው ቀን ላይ የመሙያ መብራቷ መብራቷን ይዩ፤ ካልበራች በዚህ መንገድ መፈተን አይቻልምና ወደ ቴስተሩ እንሻገር።

ቴስተር ያለው ሰው መብራቱን ከምሰሶው አውርዶ ሦስት ጊዜ ቢለካ ጥርጣሬው ያልቃል። የመጀመሪያው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ መብራቱ ሳይበራ ነው። ባለ 3.2 ቮልቱ ባትሪ ያን ሰዓት 3.35 ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ ሞልቷል ማለት ነው፤ 3.1 ወይም 3.2 ከሆነ ቀኑን ሙሉ የዋለው ፀሐይ አልደረሰውም። ሁለተኛው መብራቱ በርቶ አሥር ደቂቃ ሲሆነው ነው። ጤነኛ ባትሪ 3.2 ላይ ጸንቶ ይቆማል፤ የደከመው ወደ 3.0 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ሦስተኛው ልክ በጠፋበት ቅጽበት ነው። 2.6 አካባቢ ካነበቡ ቦርዱ ባዶውን ባትሪ ሊጠብቀው ብሎ አጠፋው፤ ጥፋቱ የቦርዱ አይደለም። መብራቱ ጠፍቶ ባትሪው ገና 3.2 ወይም 3.3 ካለው ግን ኃይል እያለ አጥፍቶታል፤ ያን ጊዜ ባትሪ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ የዚህ ባትሪ ቮልት ግማሽ ሲሆንም ሊሞላ ሲልም እምብዛም አይለያይም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለክቶ «3.3 አለው፤ ደህና ነው» የሚልን ጠጋኝ አይመኑ። እውነቱ የሚታየው ጭነት ሲኖርበት በሚወርደው መጠን ነው።

ኃይል እያለው የሚጠፋ መብራት ራሱን የቻለ ምልክት አለው። በየምሽቱ ያለ አንዳች ልዩነት በአንድ ደቂቃ የሚጠፋ ከሆነ ሪሞቱ ላይ ያለችው የሰዓት ቁልፍ ተነክታለች ማለት ነው፤ የሦስት ወይም የአምስት ሰዓት ልክ ተሰጥቶታል። የባትሪ ድካም እንዲህ ሰዓት አያከብርም፤ አንዱን ምሽት ጥቂት ይቀድማል፣ ሌላውን ምሽት ጥቂት ይዘገያል። ሌላው ደግሞ እነዚህ መብራቶች አብዛኛውን ጊዜ መምሸቱን የሚያውቁት በራሱ በፓኔሉ ነው። ጎረቤት አዲስ ደማቅ አምፖል ሰቅሎ ብርሃኑ ፓኔሉን ቢመታው መብራቱ «ነጋ» ብሎ ይጠፋል። ፓኔሉን በጨርቅ ሸፍነው ተመልሶ ከበራ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ስል ጥላን ጥቂት ላብራራው፤ «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ ያሳስታልና። ባለ 6 ቮልት ፓኔል የተሠራው በተከታታይ ከተያያዙ ወደ 12 ከሚጠጉ ሴሎች ነው። ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ቅጠል ወይም የወፍ ኩስ ቢሸፍነው የሚቀንሰው የዚያ ሴል ድርሻ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ከረንት ወደዚያ ሴል ልክ ይወርዳል። ከግቢው በስተደቡብ ባሕር ዛፍ ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። በጎጃም በሰኔ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ጥቂት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥና በጥር ግን ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። ሰኔ ላይ መብራቱ ሲሰቀል ጥላው ያልደረሰበት ዛፍ፣ ሁለት ክረምት ካደገ በኋላ በጥር ቀትር ፓኔሉን ሊሸፍነው ይችላል። ጠዋት ቡና ሲጠጡ ዓይተው «ፀሐይ ላይ ነው» አይበሉ፤ በ5፣ በ7 እና በ9 ሰዓት ወጥተው ይመልከቱት። የሚሰቀልበትን አቅጣጫም እንዲሁ ያስቡ። ፓኔሉ 15 ዲግሪ ወደ ሰሜን ካዘነበለ በታኅሣሥ ቀትር ከሚገባው ፀሐይ የሚቀበለው ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ብቻ ነው፤ በዚያው መጠን ወደ ደቡብ ቢያዘነብል ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይቀበላል። የእርስዎ ግን አረንጓዴዋን በ4 ሰዓት የሚያበራ ስለሆነ የጥላም የአቅጣጫም ታካሚ አይደለም።

ፓኔሉን በቀጥታ ለመፈተን የሚፈልግ ሰው በቮልት እንዳይታለል። የደከመም ሆነ የቆሸሸ ፓኔል ምንም ሳይጫንበት ሲለካ 6 ወይም 7 ቮልት ያሳያል። የሚለካው ከረንቱ ነው። የፓኔሉን ሽቦ ከቦርዱ ነቅለው፣ ቴስተሩን በ10 አምፒር መለኪያው ላይ አድርገው፣ በእኩለ ቀን ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ በቴስተሩ ያገናኙ። የእርስዎን በሚያህል ፓኔል ላይ 2.5 አምፒርና ከዚያ በላይ ከታየ ፓኔሉ ጤነኛ ነው። ይህን በፓኔል ላይ እንጂ በባትሪ ላይ በፍጹም አያድርጉ፤ የባትሪን ሁለት ጫፍ በአምፒር መለኪያ ማገናኘት ቴስተሩን ያቃጥላል፣ እጅንም ሊያቃጥል ይችላል።

ፈተናው ግምቴን ካረጋገጠ የሚቀረው ባትሪውን መቀየር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ የደንበጫ ሰው «አዲስ ባትሪ ከገጠምኩ ሳምንት አልሞላኝም፤ አሁንም ሁለት ሰዓት አያበራም» ብሎ መብራቱን ይዞ መጣ። ስከፍተው የተገጠመለት አዲስ ባትሪ ላይ 3.7 ቮልት ይላል። ባትሪው ደህና ነበር፤ ቦርዱም ደህና ነበር፤ የማይስማሙት እርስ በርሳቸው ነው። ባለ 3.7 ቮልቱ ሊቲየም የሚሞላው 4.2 ቮልት ሲደርስ ነው። የዚያ መብራት ቦርድ ግን የተሠራው ለ3.2 ቮልቱ ስለነበር 3.6 ላይ መሙላቱን ያቆማል። 3.6 ቮልት ላይ ያለ ባለ 3.7 ባትሪ ከአቅሙ ሩቡን እንኳ አልያዘም። ሰውየው በየቀኑ ሊሞላ የማይችል ባትሪ ነበር የገዛው። ትክክለኛውን ስገጥምለት ሌላ ምንም ሳልነካ ሌሊቱን አደረ። የዚህ ግልባጭ ደግሞ የከፋ ነው፤ ቦርዱ ለ3.7 የተሠራ ሆኖ ባለ 3.2 ባትሪ ቢገጠምበት እስከ 4.2 ድረስ ይገፋዋል፤ ባትሪው ያብጣል፣ ይተነፍሳል፣ ሊቃጠልም ይችላል።

ስለዚህ መብራቱን ሲከፍቱ በአሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡና ያንኑ ብቻ ይግዙ። ጽሑፉ ከጠፋ ቅርጹ ይነግርዎታል። 32 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 32650 ወይም 32700 የሚል ቁጥር ያለበት ወፍራሙ ሴል በእነዚህ መብራቶች ውስጥ ባለ 3.2 ቮልቱ ነው። ቀጭኑና 18 ሚሊ ሜትር የሆነው 18650 አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3.7 ቢሆንም በዚሁ ቅርጽ የሚሠራ ባለ 3.2ም ስላለ ጽሑፉን ሳያዩ አይወስኑ። ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ ሴል አይግዙ።

በገበያ ላይ ያለው አቅም ውሸት የበዛበት መሆኑንም ይወቁ። ወፍራሙ ሴል በእርግጥ የሚይዘው 6 አምፒር ሰዓት ገደማ ነው፤ «10» ወይም «15» የሚል ጽሑፍ ካዩ ሻጩ ሳይሆን አታሚው ነው የዋሸው፣ ሴሉ ግን ያው ነው። ደህናው ሴል ወደ 140 ግራም ይመዝናል። በወርቅ ቤት ወይም በቅመም ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ 100 ግራም የማይሞላ ከሆነ ውስጡ የተጻፈው የለም። ከገጠሙት በኋላ ደግሞ አረንጓዴዋ የምትበራበትን ሰዓት ይከታተሉ፤ ማታ ሙሉ በሙሉ አብርቶ ካደረ በኋላ በበጋ ቀን ከ7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ መብራት ይኖርባታል። አሁንም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከበራች አሮጌ ሴል አዲስ ልባስ አልብሰው ሸጠውልዎታልና ይመልሱት።

አገጣጠሙ ላይ የማልደራደርባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ከሁለቱ ሴሎች አንዱን ብቻ አይቀይሩ፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ከማያያዝዎ በፊት ቮልታቸው እኩል መሆኑን ይለኩ፤ ካልሆነ የሞላው ወደ ባዶው በኃይል ይፈስሳል። በሴሉ ጫፍ ላይ በቀጥታ ቆርቆሮ አይበይዱ፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል። የብረት ቅጠሉና ሽቦው አስቀድሞ የተበየደለትን ይግዙ፤ ሽቦ ከሽቦ ጋር ብቻ ይቀጥሉ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ቦርዱ ሽቦ ተገልብጦ ቢገጠምበት ብዙ ጊዜ ወዲያው ይቃጠላል። የመብራቱ ክዳን ላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ ከደረቀ ይቀይሩት፤ በነሐሴ የሚገባው ውኃ ማያያዣውን አረንጓዴ ዝገት አልብሶ አዲሱን ባትሪ የደከመ ያስመስለዋል። ሥራው ሁሉ መሬት ላይ ይሁን፤ መብራቱን ከምሰሶው አውርደው እንጂ መሰላል ላይ ቆመው አይክፈቱት። ያበጠ ሴል ካገኙ አይውጉት፣ እሳት ውስጥም አይጣሉት፣ ለልጆች መጫወቻም አይስጡ።

የእጅ ፋኖስ ያለው ሰው ይህን ሁሉ እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ባትሪው አንድ ሴል መሆኑ ነው ልዩነቱ። ፋኖሱን በመስኮት መስታወት ውስጥ ሳይሆን ውጭ ያስጡት። ፓኔሉ ለብቻ፣ ባትሪው በሳጥን ውስጥ ለብቻ የሆነው ባለ 12 ቮልት የከተማ ምሰሶ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እርሱ የእርሳስ ባትሪ ሊሆን ይችላል፤ ሙሉው አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት ያህል፣ ባዶው ከ12 በታች ያነባል፤ ከላይ የሰጠኋቸው ቁጥሮች ለእርሱ አይሠሩም። ምሰሶውም ረጅም ስለሆነ ለተከለው ባለሙያ ይተዉት።

ፓኔል መጨመር ጨርሶ የማይጠቅም ነው እያልኩ አይደለም። ከላይ ያለው የሁለት ቀን ፈተና ባትሪው ደህና መሆኑን ካሳየና ዛፉ የማይቆረጥ የጎረቤት ዛፍ ከሆነ፣ ሌላ ባለ 6 ቮልት ፓኔል ጥላ በሌለበት ጣሪያ ላይ አስቀምጦ በሽቦ ማምጣት መፍትሔ ነው። ነገር ግን ለቤት ሶላር የሚሸጠውን ባለ 12 ቮልት ፓኔል በዚህ መብራት ላይ እንዳይገጥሙ። ያ ፓኔል በፀሐይ እስከ 20 ቮልትና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ለ6 ቮልት የተሠራውን ቦርድ በአንድ ቀትር ያቃጥለዋል። የሸጠልዎ ሰው ሊሸጥልዎ ያሰበው እርሱን እንዳይሆን እፈራለሁ።

አዲሱ ባትሪ የማይፈታውንም ልንገርዎት። በጥር ይህ ፓኔል በቀን 15 አምፒር ሰዓት ገደማ ስለሚሰጥ 12ቱን በቀላሉ ይሞላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው ሲከብድ የሚሰጠው ግማሽ ላይሞላ ይችላል። ሦስተኛ ሴል ቢጨምሩ ለአንድ ደመናማ ቀን መጠባበቂያ ይሆንዎታል፤ ለሁለት ወር ደመና ግን መያዣ ማብዛት ገቢውን አያበዛም። ስለዚህ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ በሪሞቱ ብርሃኑን ወደ ግማሽ ያውርዱት፣ ወይም ሰው ሲያልፍ ብቻ እንዲደምቅ አድርጉት፤ መስከረም ሲጠባ ይመልሱት። ግቢ ውስጥ ለመንቀሳቀስ ግማሹ ብርሃን ይበቃል፤ ባትሪውም በየሌሊቱ እስከ መጨረሻው ስለማይጠባ ካሁኑ የተሻለ ዕድሜ ያገኛል።